ጀግናው «እምቢ» ያለበትን ቦታ ፊልም ላይ እንዴት ታገኙታላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስክሪፕት ከሚሞካክሩ ልጆች ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «የጀግናውን ጉዞ ደረጃዎች በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ፊልም ስከፍት ግን ጀግናው ጥሪውን እምቢ የሚልበት ቦታ ይጠፋብኛል» ይሉኛል። የጀግናው ጉዞ የሚባለው ብዙ ተረትና ፊልም የሚከተለው የታሪክ ቅርጽ ነው፤ ጀግናው ወደ ጉዞ ይጠራል፣ እምቢ ይላል፣ ኋላ ሄዶ ተለውጦ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው በየትዕይንቱ እምቢታ ያያል። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ እምቢታውን ለብቻው ይፈልጉታል። እምቢታ ደግሞ ለብቻው አይገኝም። ከፊቱ ጥሪ አለ፣ ከኋላው የፊልሙ መጨረሻ አለ፣ የሚያዘውም በሁለቱ መሃል ነው። እዚህ የምጽፍላችሁ አካሄድ ሌሎቹን ደረጃዎች በአጭሩ አልፎ እሱ ላይ ይቆያል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ያያችሁት ፊልም። መጨረሻውን የማታውቁት ፊልም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ። እኔ በምሳሌነት የምይዘው የ1994ቱን የካርቱን ፊልም «ዘ ላየን ኪንግ»ን ነው። 88 ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው ሰውም አይቶታል። የ2019ኙን ስሪት ከከፈታችሁ ርዝመቱ ስለሚለያይ ደቂቃ ስታወዳድሩ ትምታታላችሁ።
- ደቂቃ የሚያሳይ ማጫወቻ፣ ስልክም ላፕቶፕም ይሁን።
- ደብተር። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ደቂቃ፣ ማን ምን ጠየቀ፣ ጀግናው ምን መለሰ፣ ለምን።
- ቻርጅ የተደረገ ባትሪ። መብራት መሃል ላይ ሲሄድ የፊልሙ ክር ከእጃችሁ ይወጣል፣ በማግስቱ ስትቀጥሉ ደግሞ ትንንሽ ንግግሮችን ትረሳላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአማርኛ የተተረከውን ቅጂ አትጠቀሙ። ተራኪው ታሪኩን ለማስኬድ ንግግሩን ያሳጥራል፣ ቶሎ የሚቆረጠው ደግሞ ማመንታት፣ ዝምታና ሰበብ ነው። እኛ የምንፈልገው በትክክል እሱን ነው። ዋናውን ድምፅ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር ክፈቱ።

ደረጃ 1፦ ካርታውን በአንድ ገጽ ጻፉ

መጀመሪያ የትኛውን ዝርዝር እንደያዛችሁ እወቁ። የአፈ ታሪክ ተመራማሪው ጆሴፍ ካምቤል በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ 17 ደረጃዎች አሉ። የሆሊውዱ ክሪስቶፈር ቮግለር ለስክሪፕት ጸሐፊዎች ብሎ 12 አድርጓቸዋል። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ የጎደለ ደረጃ ያለ ይመስለዋል። ለፊልም የሚመቸው የ12ቱ ነው፦ የተለመደው ዓለም፣ ጥሪ፣ እምቢታ፣ መካሪ፣ ደፉን መሻገር፣ ፈተናዎችና ወዳጅ ጠላት፣ ወደ ጥልቁ ዋሻ መቅረብ፣ ታላቁ መከራ፣ ሽልማት፣ የመመለሻ መንገድ፣ ትንሣኤ፣ መድኃኒቱን ይዞ መመለስ።

ይህን ጻፉና አስቀምጡት። ፊልሙን እያያችሁ በየደረጃው «ይሄ አለ፣ ይሄ የለም» እያላችሁ አትሂዱ፤ እንደዚያ ካደረጋችሁ ዓይናችሁ ዝርዝሩ ላይ ይቀርና ፊልሙን አታዩትም።

ደረጃ 2፦ ጥሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዙት

እምቢታ ለሆነ ነገር የሚሰጥ መልስ ነው። ጥያቄውን ሳታውቁ መልሱን ልታገኙት አትችሉም። ስለዚህ ጥሪውን እንዲህ ጻፉት፦ ማን፣ ማንን፣ ምን አድርግ አለ? ዓረፍተ ነገሩ ካልሞላ ያገኛችሁት ጥሪ አይደለም፣ ምናልባት ወሬ ወይም ማስፈራሪያ ነው።

ብዙ ሰው ላየን ኪንግ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአንበሶቹ ንጉሥ ሙፋሳ ትንሹን ልጁን ሲምባን ከፍታ ላይ አውጥቶ ግዛቱን ሲያሳየው «ጥሪው ይሄ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ እምቢታውን ይፈልጋሉ፣ የለም። ሊኖርም አይችልም፣ ሲምባ እኮ በዚያ ጊዜ ንጉሥ ለመሆን ቸኩሏል፣ ስለሱ ይዘፍናል። አጎቱ ስካር ስለ ዝሆኖች መቃብር ሹክ ሲለውም ወጥመድ እየጠመደለት ነው። ሲምባም እየሮጠ ነው የሄደው።

እንደ እኔ ንባብ እምቢታ የሚያስከትለው ጥሪ የሚመጣው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሲምባ አድጓል፣ ከጓደኞቹ ከቲሞንና ከፑምባ ጋር ጫካ ውስጥ ነገር ዓለሙን ትቶ ይኖራል። አሁን የእሱ የተለመደ ዓለም ይህ ጫካ ነው። ከዚያ የልጅነት ጓደኛው ናላ ትመጣና እውነቱን ትነግረዋለች፦ ስካር ግዛቱን ለጅቦች ለቆታል፣ ምግብ የለም፣ ውሃ የለም፣ አንተ ካልመጣህ ሁሉም በረሃብ ያልቃል። ዓረፍተ ነገራችን ሞላ፦ ናላ፣ ሲምባን፣ ተመለስና ንጉሥ ሁን አለችው።

ደረጃ 3፦ እምቢታውን በአፍም፣ በእግርም፣ በጊዜም ፈልጉት

ጥሪውን ካገኛችሁበት ደቂቃ ጀምራችሁ ቀጣዩን ሩብ ሰዓት ቀስ ብላችሁ እዩ። እምቢታ ሦስት መልክ አለው።

በአፍ የሚባለው ቀላል ነው። «ግላዲያተር» (2000) ላይ ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ጄኔራሉን ማክሲመስን ድንኳኑ ውስጥ ጠርቶ የሮም ጠባቂ እንዲሆን ይጠይቀዋል፣ ይህን ታላቅ ክብር ትቀበላለህ ወይ ይለዋል። ማክሲመስ በሙሉ ልቡ እንደማይፈልግ ፊት ለፊት ይነግረዋል።

በእግር የሚባለው ያመልጣል። «ዘ ማትሪክስ» (1999) ላይ ኒዮ ቢሮው ውስጥ ስልክ ይደርሰዋል። ኤጀንት የሚባሉት አሳዳጆች ሊይዙት መጥተዋል፤ ወደ ጉዞው የሚጠራው ሞርፊየስ በስልክ እየመራው በመስኮት ወጥቶ በሕንፃው ጠርዝ እንዲሄድ ይነግረዋል። ኒዮ ይወጣል፣ ቁልቁል ያያል፣ ስልኩ ከእጁ ያመልጠዋል፣ አልችልም ይላል። ቀጥሎ የምናየው በኤጀንቶቹ ተይዞ ሲወሰድ ነው። ለሞርፊየስ «ጥሪህን አልቀበልም» ያለው ነገር የለም። እግሩ ግን እምቢ ብሏል፣ ደብተራችሁ ላይ መግባት ያለበትም እሱ ነው።

በጊዜ የሚባለው «ነገ»፣ «እስቲ ላስብበት»፣ «ይህን ልጨርስና» የሚለው ነው። እኛ አገር ሽምግልና ሲላክ «ቀጠሮ ስጡን» እንደሚባለው ሁሉ አንዳንዴ እውነተኛ ማሰቢያ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የተሸፈነ እምቢታ ነው። ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ጀግናው ከዚያ በኋላ ወደ ጥሪው ዞረ ወይስ ወደ ድሮው ኑሮው? ወደ ድሮው ከዞረ እምቢ ብሏል።

የሲምባ እምቢታ በአፍም በእግርም ነው። ለናላ መመለስ አልችልም ይላታል፣ አይገባሽም ይላታል፣ ከዚያ ያንን የሚወደውን «ሃኩና ማታታ» ያመጣል፤ ክፉ ነገር ይደርሳል፣ ምንም ልታደርጊው አትችይም፣ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ከዚያ ትቷት ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ የተናገረውን ምክንያት ከእውነተኛው ለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ደረጃ ይህ ነው። አራተኛውን ዓምድ ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ ጀግናው ያለውን፣ በሌላው ያልተናገረውን ጻፉ።

ይህን የሚመስል አወቃቀር እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አለ። ጾመ ነነዌ ሲደርስ የዮናስን ታሪክ እንሰማለን። ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፣ እሱ ግን ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ለምን እንደሸሸ መጀመሪያው ላይ አይነገረንም፣ ፈርቶ ነው ብለን እናልፋለን። ምክንያቱን ራሱ የሚናገረው በመጨረሻው፣ በምዕራፍ 4 ነው። እግዚአብሔር መሐሪ እንደሆነና ነነዌን ይቅር እንደሚላት ስላወቀ ነው የሸሸው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ምዕራፍ 1ን መልሳችሁ ስታነቡት ሌላ ታሪክ ይሆንባችኋል።

ሲምባም እንደዚሁ ነው። በአፉ ያለው «ምንም አይለወጥም» የሚል ነው። እውነተኛውን ለማግኘት ፊልሙን ወደ ኋላ መልሱትና የአባቱ ሞት ጋ አቁሙት። ሲምባ በአባቱ ሬሳ ሥር ተኝቷል፣ ስካር ይደርስና «ምን አደረግክ?» ይለዋል። አንተ ባትኖር ኖሮ አባትህ በሕይወት ነበር፣ እናትህ ምን ትላለች፣ ሽሽ፣ እንዳትመለስ ይለዋል። ልጁ አባቱን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ አድጓል። ስለዚህ ናላ «ለምንድነው የማትመለሰው?» ስትለው መልሱ ጉሮሮው ላይ አለ፣ ሊያወጣው ግን አይችልም። እሷ የምታየው ስንፍና ነው። እኛ የምናየው ኀፍረት ነው።

ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? የተናገረውን ምክንያት ብቻ ከያዛችሁ ጀግናው ፈሪ ወይም ሰነፍ ይመስላችኋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መካሪም ዝም ብሎ የሚያበረታታ ሽማግሌ ይሆንባችኋል።

እውነተኛው ምክንያት ጠፋብኝ ካላችሁ ጀግናው በጥሪው ጊዜ የትኛው ቃል ላይ እንደተቆጣ ፈልጉ። ናላ ብዙ ትወቅሰዋለች፤ ሲምባ ንግግሯን አባቱን ከመምሰል ጋር የሚያያይዛት አንድ ቦታ አለ። ቁስሉ እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ እምቢታውን የሰበረው ምን እንደሆነ ጻፉ

መካሪው በዝርዝሩ ላይ ከእምቢታ ቀጥሎ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። ጥሩ ፊልም ላይ መካሪ የሚመልሰው ለተናገረው ምክንያት ሳይሆን ላልተናገረው ነው። ናላ ያልተሳካላት ለዚህ ነው፤ ስለ ረሃብ፣ ስለ ኃላፊነት ነገረችው፣ እሱ የታመመው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ዝንጀሮው ራፊኪ የሚያደርገውን እዩ። ወደ ውሃ ይወስደውና መልኩን ያሳየዋል፣ አባትህ በአንተ ውስጥ አለ ይለዋል። ከዚያ የአባቱ መንፈስ በደመና ውስጥ ይታያል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ደመናውን ነው። እኔ ግን የምቆመው ከደመናው በኋላ ያለው ላይ ነው። ሲምባ መመለስ ማለት ያለፈውን መጋፈጥ እንደሆነ ሲናገር ራፊኪ በዱላው አናቱን ይለዋል። ሲምባ «ለምን መታኸኝ?» ሲል «ምን ለውጥ አለው፣ አልፏል» ይለዋል። «አዎ፣ ግን ያማል» ይላል ሲምባ። ራፊኪም ያለፈ ነገር ሊያም ይችላል፣ ከእሱ መሸሽ ወይም ከእሱ መማር የአንተ ፈንታ ነው ይለውና ዱላውን ደግሞ ይሰነዝራል። ሲምባ ጎንበስ ብሎ ያመልጣል። ያቺ ጎንበስ ማለት እምቢታው የተሰበረባት ቅጽበት ናት። ደቂቃዋን ጻፏት። ከዚያ ዱላውን ቀምቶ ይወረውርና ወደ አገሩ ይሮጣል፤ ደፉን ተሻገረ።

ሁልጊዜ ግን መካሪ አይደለም የሚሰብረው። በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ሉክ ሽማግሌው ኦቢ-ዋን አብረን እንሂድ ሲለው ሥራ አለብኝ፣ መሽቷል፣ ሩቅ ነው ይላል። ቤቱ ሲመለስ አጎቱና አክስቱ ተገድለው፣ ቤቱ ተቃጥሎ ያገኘዋል። የሚመለስበት ሲጠፋ እምቢታውም ጠፋ። ይህን ዓይነቱን ካገኛችሁ «ቤቱ ተዘጋ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከመካሪው ጋር አታቀላቅሉት። በመካሪው ሰው ከውስጥ ይለወጣል፣ በሌላኛው ግን ውስጡ ገና ሳይለወጥ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ለውጡን ወደፊት ባሉት ፈተናዎች ውስጥ ፈልጉት።

ደረጃ 6፦ መጨረሻው ላይ ዕዳው መከፈሉን አረጋግጡ

ያገኛችሁት እምቢታ ትክክለኛው መሆኑን የምታውቁት እዚህ ነው። እምቢታ ዕዳ ነው፤ ጀግናው መጀመሪያ ላይ መጋፈጥ ያልቻለውን ነገር በመጨረሻው ትልቅ ትዕይንት ላይ ይጋፈጠዋል። ካልተጋፈጠ ወይ የተሳሳተ ቦታ አስምራችኋል፣ ወይ ፊልሙ ላልቷል።

ሲምባ ተመልሶ ስካርን ሲያገኘው ወዲያው አይዋጉም። ስካር በሁሉም አንበሶች ፊት ለሙፋሳ ሞት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ንገራቸው ይለዋል። ሲምባም «እኔ ነኝ» ይላል። ለናላ በጨለማ ጫካ፣ ሁለት ሆነው ሊነግራት ያልቻለውን አሁን እናቱ ፊት ተናገረው። ከዚህ በኋላ ነው ገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ስካር የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ በጆሮው የሚነግረው፣ ጠቡም የሚገለበጠው። ልብ በሉ፣ እውነቱ የወጣው ሲምባ ውሸቱን እንደ እውነት አምኖ ለመናዘዝ ከደፈረ በኋላ ነው። ደብተራችሁ ላይ የደረጃ 4ን መስመር ከዚህ ጋር በቀስት አገናኙት።

ማክሲመስንም ፈትሹት። እምቢ ያለው ወደ ቤቱ፣ ወደ ሚስቱና ልጁ መሄድ ስለፈለገ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው የሽማግሌውን ኑዛዜ ፈጽሞ፣ ሲሞት ወደ እነሱ ሲሄድ ነው። ሁለቱም ተከፈሉ። ኒዮም ጠርዙ ላይ አልችልም ያለው ሰው ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው ላይ ኤጀንቱን ሲያይ ዘወር ብሎ ይቆማል፣ አይሮጥም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*የሌላ ሰው እምቢታን የጀግናው ማድረግ።* «ሞአና» (2016) ላይ ደሴታቸውን ከከበበው የኮራል ድንጋይ አልፎ መሄድ ክልክል ነው የሚለው አባቷ ነው። እሷ መሄድ ትፈልጋለች። አባትየው የጀግናዋን መውጫ የሚዘጋ በር ጠባቂ ነው። የሞአና የራሷ እምቢታ ብዙ ቆይቶ፣ ከጉዞ አጋሯ ከማዊ ጋር ከተጣሉ በኋላ ይመጣል፤ ባሕሩን ሌላ ሰው ምረጥ ብላ እንድታደርሰው የሰጣትን ድንጋይ ትመልስለታለች። የአያቷ መንፈስ የሚመጣውም ያኔ ነው። እምቢ ያለው ማን እንደሆነ ስሙን ጽፋችሁ ካልጀመራችሁ ይህ ስህተት አይለቃችሁም።

*ከሌለ መፍጠር።* «ዘ ሀንገር ጌምስ» (2012) ላይ ለሞት ውድድሩ በዕጣ የካትኒስ ታናሽ እህት ስም ሲወጣ ካትኒስ ራሷን ትሰጣለች፣ አታመነታም። እዚህ ፊልም ላይ በግድ እምቢታ አትፈልጉ። ፈቃደኛ ጀግና የሚባል ዓይነት አለ፣ በእሱ ፊልም ላይ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን የሌሎቹ ፍርሃት ነው።

*በደቂቃ መወሰን።* «እምቢታ በዚህ ደቂቃ መምጣት አለበት» የሚል ነገር ከሰማችሁ ላየን ኪንግን አስታውሱ፣ ከግማሽ በኋላ ነው የመጣው። ደቂቃ የምንጽፈው ትዕይንቱን መልሰን ለማግኘት ነው።

*ማጉረምረምን እምቢታ ማለት።* እየተነጫነጨ የሚሄድ ሰው ሄዷል። ታሪኩ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ካልቆመ ወይም አቅጣጫ ካልቀየረ እምቢታ አትበሉት።

ደረጃ 7፦ በራሳችሁ ታሪክ ሞክሩት

ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ደረጃዎቹን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ። ከዚሁ ከጣና አንድ ላብጅላችሁ። ደሴት ላይ የሚኖር ታንኳ ሠሪ ወጣት አለ። አንድ ማታ የጎረቤት ሴት ምጥ ይጠናባታል፣ የሞተር ጀልባ የለም፣ ሽማግሌዎቹ «በታንኳህ ባሕር ዳር አድርስልን» ይሉታል። እሱ «ደንገሉ ውሃ ጠጥቷል፣ ሳይደርቅ አይሸከምም» ይላል። ታንኳን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚታመን ሰበብ ነው፤ ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ አያስተማምንም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አባቱ የሰመጠበትን ታንኳ ያሰረው እሱ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የራሱን ቋጠሮ አያምንም።

አሁን መጨረሻውን ጻፉ። ብዙዎቹ እዚህ ጋ ጉማሬ ያመጣሉ። ጣና ላይ ጉማሬ አለ፣ ትዕይንቱም ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ልጁ እምቢ ያለው ጉማሬ ፈርቶ ስላልሆነ ዕዳው አልተከፈለም። ጉማሬውን ከወደዳችሁት ይቆይ፤ ግን ታንኳውን ነካ አድርጎ ማሰሪያውን ይፍታው። ልጁ በጨለማ፣ ሴትየዋ እያማጠች፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያንኑ ቋጠሮ በእጁ መልሶ ይሰረው። ይህን ትዕይንት ከጻፋችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ልጁ ሰበቡን ሲናገር እጁ ምን እየሠራ እንደነበር አንድ መስመር ጨምሩ።